ባዶው ሴል ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ የሰባተኛ ክፍል ኃላፊ መምህርት ነኝ። በወረቀት የሚያዘውን የክፍሌን አቴንዳንስ ሁለት ባልደረቦቼ በኤክሴል እየጻፉ ያስቀምጣሉ። አንድ ረድፍ ላይ ቀን፣ ስም፣ ምልክት፤ ቀጥሎ ሌላ ረድፍ። የኅዳር 2018 ብቻ 1001 ረድፍ ሆኗል። ርዕሰ መምህራችን ደግሞ የሚፈልገው ተማሪዎች ወደ ታች፣ ቀኖች ወደ ጎን ተደርድረው በየመገናኛቸው ምልክት ያለበት አንድ ገጽ ነው። በፒቮት ሞከርኩ፤ 48 ተማሪዎቼ 55 ሆኑ፣ ቀኖቹ ተዘበራረቁ፣ በምልክቱ ፈንታ በየሴሉ 1 ቁጥር መጣ። ባዶ የቀሩ ሴሎችም ብዙ ናቸው፤ እነዚህን ሁሉ «ቀሪ» ብዬ ልሙላቸው? የትምህርት ቤታችን ኤክሴል የ2016 (እ.ኤ.አ.) ነው። ፋይሉን አያይዣለሁ።

— ከደብረ ብርሃን

መልስ፦

የተከበሩ መምህርት፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምርና፣ እባክዎን ባዶዎቹን በ«ቀሪ» አይሙሏቸው። ከዓመታት በፊት እኔ ያንን አድርጌአለሁ። በወሩ አጋማሽ ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ የመጣ ልጅ ገና ባልተመዘገበበት ጊዜ ሁሉ ቀሪ ሆኖ ታተመ፤ አባቱ ተጠርተው መጡ፤ የመሸኛ ደብዳቤውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወዲህ ባዶ ሴል ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን ቀረ?» ሳይሆን «ለምን ባዶ ሆነ?» የሚለውን ነው።

የላኩልኝን ፋይል ከፍቼ አየሁት። ፒቮት ያመጣብዎት 1 ቁጥር ጥፋት አይደለም። ፒቮት በመገናኛው ላይ የሚያስቀምጠው የቁጥር ውጤት ነው፤ ይቆጥራል ወይም ይደምራል። ፊደል አይደመርምና «ቀ» የሚለውን ምልክት አንድ ብሎ ቆጠረው። ምልክቱን በቁጥር ተክቶ ቁጥሩን ደግሞ ፊደል አስመስሎ ማሳየት ይቻላል፤ ነገር ግን ያ ዘዴ ከሦስት ምልክት በላይ በቀላሉ አያስተናግድም፣ የእርስዎ ደግሞ አራት ናቸው። ስለዚህ ፒቮቱን እንተወውና በተራ ፎርሙላ እንሥራው። ከዚያ በፊት ግን ቀኖቹና ስሞቹ መስተካከል አለባቸው፤ ሥራው ያለው እዚያ ላይ ነው።

ቀኖቹን የጻፉት ባልደረቦችዎ እንደ ልማዳችን ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብለው ነው፤ ኅዳር 5 ቀን 2018 «05/03/2018» ሆኖ ገብቷል። የቀን ዓምዱን ሰፋ አድርገው ይመልከቱት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቀኖች የሴሉን ቀኝ ተጠግተው ቆመዋል፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ ያሉት ግን ግራውን ይዘዋል። ቀኝ የያዙትን ኤክሴል ቁጥር አድርጓቸዋል፣ ግራ የያዙትን ጽሑፍ። ምክንያቱም ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ በመሆኑ መጀመሪያ የሚያነበው ወሩን ነው። «05/03/2018» ሲያይ እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 2018 አድርጎ ተቀበለው። «15/03/2018» ላይ ሲደርስ አሥራ አምስተኛ ወር ስለሌለ እጁን ሰበሰበና እንደ ጽሑፍ ተወው። ማስጠንቀቂያ የለም፣ ቀይ መስመር የለም። የእርስዎ ኅዳር ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር በአሥር ወራት ላይ ተበትኖ፣ የቀረው ግማሹ ደግሞ ቀን መሆኑ ቀርቶ ተቀምጧል። ቀኖቹ የተዘበራረቁብዎት ለዚህ ነው። ፋይሉ ጥቅምትንም ቢይዝ ኖሮ ጥቅምት 5 በኅዳር 4 እና በኅዳር 5 መካከል ይሰነቀር ነበር።

እኔ የኢትዮጵያን ቀን ለኤክሴል እንደ ቀን አድርጌ አልሰጠውም፤ ስምንት አሃዝ ያለው ተራ ቁጥር አደርገዋለሁ። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፦ 20180305። ይህ ቁጥር በቅደም ተከተል ሲደረደር ቀኑም አብሮ ይደረደራል፤ የጳጉሜን ወር እንኳ 13 ብሎ ያለ ቅሬታ ይቀበላል።

የተጻፈውን መልሶ ለማግኘት መዝገቡ ያለበትን ሺት Reg ብለው ይሰይሙት። ስሙን በላቲን ፊደል ያደረግሁት በፎርሙላ መካከል ኪቦርድ መቀያየር ስለሚያሰለች ብቻ ነው። በፋይልዎ ቀኑ A፣ ስሙ B፣ ምልክቱ C ዓምድ ላይ ነው። በ D2 ይህን ይጻፉና እስከ ታች ይጎትቱት፦

```
=IF(ISNUMBER(A2),
 YEAR(A2)*10000+DAY(A2)*100+MONTH(A2),
 RIGHT(TRIM(A2),4)*10000+MID(TRIM(A2),4,2)*100+LEFT(TRIM(A2),2))
```

የመጀመሪያው ክፍል ኤክሴል ወር ብሎ የያዘውን ወደ ቀን፣ ቀን ብሎ የያዘውን ወደ ወር ይመልሳል። ሁለተኛው ጽሑፍ ሆነው ከቀሩት ላይ አሃዞቹን ቆርጦ ያወጣል። ሁለቱም ወደ አንድ ዓይነት ቁጥር ይደርሳሉ፤ «05/03/2018» 20180305 ይሆናል፣ «15/03/2018» ደግሞ 20180315። አንድ ቦታ ላይ `#VALUE!` ካዩ የሆነ ሰው ወሩን ባንድ አሃዝ፣ «15/3/2018» ብሎ ጽፎታል ማለት ነው። በእርስዎ ፋይል እንዲህ ያለ ሁለት ረድፍ አግኝቻለሁ፤ በእጅ ያስተካክሏቸው።

ይህን ፎርሙላ በሌላ ኮምፒውተር ከመጠቀምዎ በፊት ግን አንድ ሙከራ ያድርጉ። ባዶ ሴል ላይ 05/03/2018 ይጻፉና በአጠገቡ በ`MONTH` ወሩን ይጠይቁት። 5 ካለ እንደ እርስዎ ማሽን ነው። 3 ካለ ግን ያ ኮምፒውተር ቀንን የሚያስቀድም ነውና በመጀመሪያው ክፍል `DAY` እና `MONTH` ቦታ መለዋወጥ አለባቸው። ፋይሉ የተጻፈው በየትኛው ማሽን እንደሆነ ማወቅም ያስፈልጋል፤ አንዴ የተጻፈ ቀን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲወሰድ የውስጡ ቁጥር አይለወጥም። ሁለቱ ባልደረቦችዎ በተለያየ ኮምፒውተር ጽፈው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይከፋ ነበር፤ ደግነቱ አንዱን ማሽን ነው የተጋሩት።

የሳምንቱን ዕለት ከእነዚህ ቀኖች በ`WEEKDAY` ለማውጣት አይሞክሩ። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓርብ ነበር፤ ኤክሴል ግን የያዘው ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ የሆነውን ሜይ 3 ስለሆነ ሐሙስ ይልዎታል።

ወደ ስሞቹ ስንመጣ 48ቱ ተማሪዎች 55 የሆኑት በሁለት ምክንያት ነው። ከትርፎቹ ሰባት ሦስቱ ዓይን የማያየው ነገር ናቸው፤ ከስሙ ኋላ የተረሳ ባዶ ቦታ፣ ወይም በስምና በአባት ስም መካከል ሁለት ጊዜ የተመታ ክፍተት። ለኤክሴል ባዶ ቦታም ፊደል ነው። በአንድ ባዶ ዓምድ ላይ `=TRIM(B2)` ብለው እስከ ታች ይጎትቱ፣ ውጤቱን ኮፒ አድርገው በ B ላይ «እሴት ብቻ» በሚለው መንገድ ይለጥፉት፣ ከዚያ ጊዜያዊውን ዓምድ ያጥፉት። ስሞቹ 52 ይሆናሉ።

የቀሩት አራቱ የእኛው የፊደል ጉዳይ ናቸው። አንዱ ባልደረባዎ «ሰላማዊት» ሲል ሌላው «ሠላማዊት» ይላል፤ አንዱ «ፀሐይ» ሲል ሌላው «ጸሃይ»። ሰው ሲያነባቸው ያው አንድ ልጅ ናት፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ልጆች ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም ግማሽ ወር የቀሩ። በፊደል ተራ ደርድሮ በዓይን መፈለግ እንኳ ያታልላል፤ በሠ እና በሰ መካከል ረ ስላለ ሁለቱ «ሰላማዊቶች» ተጎራብተው አይቀመጡም፤ የረ ስሞች ሁሉ በመካከላቸው ይገባሉ።

የትኛው አጻጻፍ ትክክል ነው ብሎ በየረድፉ ማረም ይቻላል፤ በሚቀጥለው ወር ግን ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ስሙን ትተን የተማሪውን ተራ ቁጥር እንያዝ። List የሚባል አዲስ ሺት ይክፈቱ። የ Reg ን የስም ዓምድ ኮፒ አድርገው በ A ላይ ይለጥፉና፣ ከ Data ሥር Remove Duplicates የሚለውን ይጫኑ፤ 52 ስሞች ይቀራሉ። ከዚያ የክፍልዎን የስም ዝርዝር በእጅዎ ይዘው በእያንዳንዱ ስም አጠገብ፣ በ B ዓምድ፣ ከ1 እስከ 48 ያለውን ቁጥር ይጻፉ። «ሰላማዊት»ም «ሠላማዊት»ም 31 ይሁኑ። ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ አዲስ የመጣ አጻጻፍ ካለ እሱን ብቻ መጨመር ነው። በስምም በአባት ስምም የሚመሳሰሉ ልጆች ካሉዎት የአያት ስም ሳይጨመር ይህ ዘዴ አይሠራም፤ በእርስዎ ክፍል እንዲህ ያለ አላየሁም።

እግረ መንገዴን፣ የቆየ ኮምፒውተር ላይ የሚጽፍ ባልደረባ ካለ የሚያጋጥም ሌላ ነገር አለ። ዩኒኮድ ባልሆነ በድሮው የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ስም ሴሉ ላይ በትክክል «አበበ» ተብሎ ይነበባል። ሴሉን መርጠው ከላይ ያለውን የፎርሙላ መስመር ሲያዩ ግን የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ነው። እንዲህ ያለውን እንደገና ከመጻፍ በቀር መድኃኒት አላውቅለትም።

አሁን ወደ Reg ይመለሱና በ E2 የተማሪውን ቁጥር ያስመጡ፣ በ F2 ቀኑንና ቁጥሩን አጣብቀው መለያ ያድርጉ፣ በ G2 ደግሞ ያ መለያ ስንት ጊዜ እንዳለ ይቁጠሩ፦

```
E2:  =VLOOKUP(B2,List!$A:$B,2,FALSE)
F2:  =D2&"-"&E2
G2:  =COUNTIF(F:F,F2)
```

የኅዳር 5 ቁጥር 31 ተማሪ መለያ «20180305-31» ይሆናል። በ E ላይ `#N/A` ከመጣ ያ ስም List ውስጥ የለም ማለት ነው።

በ G ዓምድ ላይ ሁሉም 1 መሆን ነበረበት። በእርስዎ ፋይል ስድስት ረድፎች 2 ይላሉ፤ ማለትም ሦስት ተማሪዎች በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተጽፈዋል። ስድስቱንም አየኋቸው፤ ታሪካቸው አንድ ነው። ጠዋት ስም ሲጠራ ያልነበረው ልጅ «ቀ» ተባለ፤ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ «ዘ» ተብሎ እንደገና ተጻፈ። በወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው ምልክት ተሰርዞ ይሆናል፣ ጸሐፊው ግን ሁለቱንም አስገባቸው። የምንጠቀምበት ፎርሙላ ሁለት ሲያገኝ አይጠይቅም፤ ከላይ ያለውን ይወስዳል። እዚህ ላይ ከላይ ያለው «ቀ» ስለሆነ ዘግይተው የመጡ ሦስት ልጆች ያለ ጥፋታቸው ቀሪ ሆነው ሊታተሙ ነበር። ወረቀቱን አይተው ያረጋግጡና የ«ቀ»ውን ረድፍ ያጥፉት። ረድፎቹ 998 ይሆናሉ።

ምልክቶቹም አንድ ዓይነት ይሁኑ። በአንዱ ባልደረባዎ ረድፎች «ቀ»፣ በሌላው «ቀሪ»፣ አልፎ አልፎም «አልመጣም» የሚል አለ። በ `Ctrl+H` ሲቀይሯቸው Match entire cell contents የሚለውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት፤ አለዚያ የቃል ቁራጭ ይቀይርብዎታል። የ✓ ምልክቱንም ያስተውሉ። ዊንግዲንግስ በሚባለው ፎንት የገባ ከሆነ ውስጡ ü የሚል የላቲን ፊደል ነው፤ ወደ አዲሱ ሺት በፎርሙላ ሲመጣ እውነተኛ መልኩ ይወጣል። እርማቱ ü ን ፈልጎ በእውነተኛው ✓ መተካት ነው፤ ያንን ከ Insert ሥር Symbol ውስጥ በ Segoe UI Symbol ፎንት፣ በ 2713 ቁጥር ያገኙታል።

አሁን ዋናውን ሰንጠረዥ እንሥራ። Grid የሚባል ሺት ይክፈቱ። በ A3 እስከ A50 ከ1 እስከ 48 ያለውን ተራ ቁጥር፣ በ B የተማሪዎቹን ስም ከክፍሉ ኦፊሴላዊ ዝርዝር ይጻፉ። በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ከ C1 እስከ X1 የወሩን የትምህርት ቀኖች በስምንት አሃዝ ያስገቡ። ኅዳር 1 ቀን 2018 ሰኞ ስለዋለ ወሩ ለመቁጠር ይመቻል፦ ከ1 እስከ 5፣ ከ8 እስከ 12፣ ከ15 እስከ 19፣ ከ22 እስከ 26፣ በመጨረሻም 29 እና 30። ሃያ ሁለት ቀን፣ ሃያ ሁለት ዓምድ። በሁለተኛው ረድፍ ለሰው ዓይን የሚመች አጭር ርዕስ ይጻፉ፤ «ሰ 1»፣ «ማ 2» እያሉ። በኋላ የመጀመሪያውን ረድፍ ይደብቁታል።

ቀኖቹንና ስሞቹን ከ Reg አውጥቶ መለጠፍ ይቀልል ነበር፤ ፒቮትም የሚያደርገው ያንኑ ነው። ግን መዝገቡ ስለጎደለው ነገር ሊነግረን አይችልም። አንድ ቀን ስም ሳይጠራ ቢታለፍ በመዝገቡ ውስጥ ያ ቀን የለም፤ ከመዝገቡ የተሠራ ሰንጠረዥም ያንን ዓምድ ጨርሶ አያሳይም፣ ገጹም ሙሉ መስሎ ይታያል። ወሩን ሙሉ ያልተጻፈ ልጅም እንዲሁ ከገጹ ይሰወራል። ስለዚህ ጎኖቹ ከውጭ፣ ከትምህርት ቤቱ ካላንደርና ከክፍሉ ዝርዝር መምጣት አለባቸው። ምልክቶቹ ብቻ ከመዝገቡ ይምጡ።

በ C3 ላይ ይህን ይጻፉና ወደ ጎን እስከ X፣ ወደ ታች እስከ 50 ይጎትቱት፦

```
=IFERROR(INDEX(Reg!$C$2:$C$1500,
 MATCH(C$1&"-"&$A3,Reg!$F$2:$F$1500,0)),"ባ")
```

ከላይ ያለውን ቀንና ከግራ ያለውን ቁጥር አጣብቆ ያንን መለያ በ Reg ውስጥ ይፈልጋል፤ ካገኘው የረድፉን ምልክት ያመጣል፤ ካጣው «ባ» ይላል፣ ባዶ ለማለት። የዶላር ምልክቶቹ ቦታቸው ወሳኝ ነው። በ `C$1` ላይ ረድፉ፣ በ `$A3` ላይ ዓምዱ ተቆልፏል፤ አንዱ ቢሳሳት ሰንጠረዡ በ«ባ» ይሞላል። ፊደል የመረጥኩት የጥያቄ ምልክት ስለማያገለግል ነው። `COUNTIF` ውስጥ ጥያቄ ምልክት «ማንኛውም አንድ ፊደል» ማለት ነውና ባዶዎቹን ቁጠር ሲሉት «ቀ»ውንም «ዘ»ውንም ✓ውንም ጨምሮ ይቆጥርልዎታል።

እንግዲህ የባዶዎቹ ነገር እዚህ ላይ ይታያል። ሰንጠረዡ 48 በ22፣ 1056 ሴሎች አሉት። መዝገቡ 998 ረድፍ ነው። ልዩነቱ 58 ስለሆነ 58 «ባ» መኖር አለበት፤ አለም። አሁን ከወንበርዎ ትንሽ ራቅ ብለው ገጹን በሙሉ ይዩት፤ «ባ»ዎቹ የተቀመጡበት ቅርጽ ምክንያታቸውን ይነግርዎታል።

አርባ ስምንቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓምድ ሞልተዋል፤ ማክሰኞ ኅዳር 16። መላው ክፍል በአንድ ቀን አይጠፋም፤ ያን ቀን ስም አልተጠራም፣ ወይም ወረቀቱ ለጸሐፊዎቹ አልደረሰም። ወረቀቱ ከተገኘ ይጻፍ። ካልተገኘ ዓምዱ ከነ«ባ»ው ይታተም፤ ርዕሰ መምህሩ ሊያውቁት የሚገባ ነገር ነው።

የቀሩት አሥሩ በአንድ ረድፍ ላይ ከኅዳር 1 እስከ 12 ተዘርግተዋል፣ ከ15 ጀምሮ ምልክት አለ። ይህ በመሐል የመጣ ተማሪ መልክ ነው፤ እኔን ያሳፈረኝ ዓይነት። የመመዝገቢያ ቀኑን አረጋግጠው እነዚያን አሥር ሴሎች «ባ» ከሚል ይልቅ በግራጫ ቀለም ይሸፍኗቸው፣ ከመቶኛ ስሌትም ያውጧቸው። የእሱ ወር 22 ቀን አይደለም፤ 12 ነው፣ ያልተጠራው ቀን ሲቀነስ 11።

ሦስተኛ ቅርጽም አለ፤ እዚህም እዚያም የተበተኑ ነጠላ «ባ»ዎች። የስም እርማቱን ሳንሠራ በፊት ሞክሬው ሰንጠረዡ ፈንጣጣ የወጣበት ይመስል ነበር። የተበተነ ባዶ ሲያዩ ስለ ተማሪው ከማሰብዎ በፊት List ን ይመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አጻጻፍ ገብቶ ነው። List ንጹሕ ሆኖ አሁንም ነጠላ ባዶ ካለ ግን ጸሐፊው ረድፍ ዘልሏል፤ ወረቀቱን ማየት ነው።

ከመታተሙ በፊት ምልክቶቹን በሁለቱም በኩል ይቁጠሩ፦

```
=COUNTIF(Reg!$C$2:$C$1500,"ዘ")
=COUNTIF(Grid!$C$3:$X$50,"ዘ")
```

ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው፤ ለ«ቀ»፣ ለ«ፈ» እና ለ✓ም እንዲሁ። በእርስዎ ፋይል ✓ 931፣ «ቀ» 41፣ «ፈ» 15፣ «ዘ» 11፤ ድምሩ 998። እነዚያን ድርብ ረድፎች ሳላጠፋ ስቆጥር መዝገቡ 11 «ዘ» ሲል ሰንጠረዡ 8 ይል ነበር፤ የጠፉት ሦስቱ የት እንደገቡ አይተናል። ይህ ቆጠራ ግን በአጋጣሚ የተቀያየረ ምልክት አይነግርዎትም። ጸሐፊው ለ14ኛዋ ልጅ መስጠት የነበረበትን «ቀ» ለ15ኛዋ ከሰጠ ቁጥሩ እኩል ይሆናል፤ ለዚያ ከወረቀቱ ላይ ሁለት ሦስት ቀን መርጦ ከዓምዱ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። የማመሳከሪያ ቀኖቹን ቀሪ የበዛባቸውን ቢያደርጉ ስሕተት ቶሎ ይታይዎታል።

ለርዕሰ መምህሩ የሚሰጠው ገጽ ፎርሙላ ባይኖረው ይሻላል። Grid ን ወደ አዲስ ፋይል ኮፒ ያድርጉና እሴቱን ብቻ ይለጥፉ፤ አለዚያ ነገ አንድ ሰው Reg ላይ ረድፍ ሲያጠፋ የተፈረመበት ወረቀትና ፋይሉ ይለያያሉ። ገጹን በአግድም አድርገው ዓምዶቹን ቢያጠቡ ሃያ ሁለቱ ቀን በአንድ ኤ4 ላይ ይገባል፤ 48ቱ ረድፍ ግን ሁለት ገጽ ሊወስድ ስለሚችል የቀን ርዕሱ በሁለተኛውም ገጽ ላይ እንዲደገም Print Titles ውስጥ ሁለተኛውን ረድፍ ይስጡት።

ለታኅሣሥ Grid ን አዲስ አይሥሩ። በመጀመሪያው ረድፍ ያሉትን ቀኖች በታኅሣሥ ቀኖች ይተኩ፣ በ Reg ላይ የታኅሣሥን ረድፎች ከኅዳር ሥር ያስከትሉ፣ በፎርሙላው ውስጥ 1500 የሚለውን 3000 ያድርጉት፤ ከመታተሙ በፊት በ Reg ላይ የሚቆጥሩት ግን የታኅሣሥን ረድፎች ብቻ ይሁን። ቀኖቹ ሃያ ሁለት ባይሞሉ ትርፍ ዓምዶቹን ያጥፉ። ባልደረቦችዎም ከአሁን በኋላ ቀኑን ሲጽፉ በቀጥታ D ላይ 20180401 ብለው ቢጽፉና የተማሪውን ቁጥር E ላይ ቢያስገቡ፣ በ D እና በ E የሠራናቸው ፎርሙላዎች አያስፈልጉዎትም።